ሱቁ ሠራተኛ ሲፈልግ፦ ክፍት የሥራ ቦታን በአምስት ስላይድ ማስታወቅ

ካሩሰል የሚባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፍ ብዙ ምስሎችን በአንድ ላይ ይይዛል። አንባቢው በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ በተራ ያያቸዋል፤ እያንዳንዱ ምስልም ስላይድ ይባላል። ኢንስታግራም ይህን አቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር በአንድ ልጥፍ እስከ 10 ምስል ይፈቅድ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩን ወደ 20 አሳደገው። ለአንድ ትንሽ ሱቅ የሥራ ማስታወቂያ ግን አምስት ስላይድ ይበቃል። ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ሲያይ በሐሳቡ የሚያነሣቸው ጥያቄዎችም አምስት ናቸው፦ ምን ቦታ ነው? ምን ያሠራል? እኔን ይመለከታል? ምን ያስገኛል? እንዴት ልመዝገብ?

ትንንሽ ሱቆች ሠራተኛ ሲፈልጉ የቆዩባቸው መንገዶች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት በከፊል ነው። መስተዋት ላይ የሚለጠፈው «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ቦታ መኖሩን እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም፤ ቀሪው ወደ ውስጥ ገብቶ በመጠየቅ ወይም በደላላ በኩል ይታወቃል። በጋዜጣ የሚወጣው ማስታወቂያ ደግሞ ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ሠንጠረዥ ነው፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ብዛት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ በመጨረሻም «ደመወዝ፦ በስምምነት»። አንድ የሱቅ ባለቤት ይህን ሠንጠረዥ ገልብጦ አምስት ቦታ ቢቆራርጠው ካሩሰል አይሆንለትም። ካሩሰል የሚሠራው እያንዳንዱ ስላይድ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ሙሉ መልስ ሲሰጥ ነው።

የሚከተለው ማብራሪያ በአንድ ምሳሌ ላይ ይመሠረታል። ምሳሌው በአዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ፣ በአንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የልጆች ልብስ ሱቅ ነው። ባለቤቷ እስካሁን ብቻዋን ስትሸጥ ቆይታ አሁን አንድ የሽያጭ ሠራተኛ መቅጠር ፈልጋለች። ሱቁ ከጠዋቱ 3:00 እስከ ምሽቱ 2:00 ክፍት ነው።

ከመሣል በፊት መጻፍ

ሥራው የሚጀምረው ስልክ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው። ባለቤቷ አንድ ሳምንት ሙሉ በሱቁ ውስጥ የምትሠራውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ከዚያም ለሠራተኛው የሚተላለፈውን ከማይተላለፈው ትለያለች። በምሳሌው ሱቅ ዝርዝሩ ዘጠኝ ነገሮችን ያዘ። ዕቃ ከመርካቶ መግዛት፣ ዋጋ መተመንና ለአቅራቢዎች መክፈል ከባለቤቷ ጋር ቀሩ። የቀሩት ስድስቱ ደንበኛ ማስተናገድ፣ ልብስ በልክና በዕድሜ መደርደር፣ ገንዘብ መቀበልና ደረሰኝ መቁረጥ፣ የቀኑን ሂሳብ መዝጋት፣ በየሳምንቱ ዕቃ መቁጠር እና በቴሌግራም ለሚጠይቁ ደንበኞች መልስ መስጠት ናቸው።

ይህ ዝርዝር ካልተሠራ ማስታወቂያው «ታታሪ፣ ቀልጣፋ፣ ሥራ ወዳድ» በሚሉ ቃላት ይሞላል። እነዚህ ቃላት ማንንም አይለዩም፤ ራሱን ሥራ ጠል ብሎ የሚያስብ አመልካች የለምና።

አንደኛው ስላይድ፦ ምን ቦታ ነው?

የመጀመሪያው ስላይድ ተግባሩ ትክክለኛውን ሰው ማስቆም ነው። ሦስት ነገሮች ይበቁታል፦ የሥራው ስም፣ የሱቁ ዓይነት ከነአካባቢው እና የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን። የምሳሌው ሱቅ እንዲህ ይጽፋል፦

«ክፍት የሥራ ቦታ። የሽያጭ ሠራተኛ፣ ብዛት 1። የልጆች ልብስ ሱቅ፣ መገናኛ። ማመልከት የሚቻለው እስከ መስከረም 20 ነው።»

አካባቢው እዚህ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ የሱቅ ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ ጉልህ ድርሻ ለትራንስፖርት ያወጣል፤ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ታክሲ ወረፋ ይጠብቃል። ሰሚት ወይም ኮተቤ የሚኖር ሰው «መገናኛ» የሚለውን ሲያይ ሥራው እንደሚቀርበው ወዲያው ያውቃል። አካባቢው ባይጻፍ ከሩቅ ሰፈር የሚያመለክቱ ሰዎች ይበዙና ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ በኋላ ይቀራሉ።

የመጨረሻው ቀን በመጀመሪያው ስላይድ ላይ የሚቀመጠው ሰዎች ማስታወቂያ ሲያስተላልፉ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ምስል ብቻ ቀድተው ስለሚልኩ ነው። ቀን የሌለው ምስል ከወራት በኋላ ዞሮ ሲመጣ ሱቁ አሁንም ሠራተኛ የሚፈልግ ይመስላል። በዚሁ ምክንያት የሱቁ ስም በሁሉም ስላይድ ጥግ ላይ በትንሹ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ስላይድ፦ ምን ያሠራል?

በዚህ ስላይድ ላይ ሥራዎቹ በተግባር ቋንቋ ይዘረዘራሉ። «የሽያጭ ሥራዎችን ማከናወን» የሚለው ሐረግ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ከዚህ ይልቅ «የልጁን ዕድሜ ጠይቆ ልክ የሚሆነውን ልብስ ማሳየት» ሲባል፣ ከዚህ በፊት ጫማ ሱቅ የሠራ ሰው ሥራውን በዓይነ ኅሊናው ያየዋል።

ስድስቱም ሥራዎች አንድ ስላይድ ላይ ቢደረደሩ ጽሑፉ ይጨናነቃል። ስለዚህ ባለቤቷ አብዛኛውን ቀን የሚወስዱትንና ኃላፊነት የሚያስከትሉትን አራቱን ትመርጣለች፦

«ደንበኛ ማስተናገድና ልብስ በልክ መደርደር። ገንዘብ መቀበልና ደረሰኝ መቁረጥ። በቴሌብርና በባንክ የተላከ ክፍያ መግባቱን አረጋግጦ ዕቃ ማስረከብ። ማታ ሂሳብ መዝጋት፣ ቅዳሜ ዕቃ መቁጠር።»

ሦስተኛው ነጥብ ለሱቅ ሥራ አሁን ዋና ጉዳይ ሆኗል። ደንበኛው ልኬያለሁ ብሎ የስልኩን ስክሪን ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን የተቀነባበረ ወይም የቆየ ምስል ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በሱቁ ሒሳብ መግባቱን ሳያይ ዕቃ የሚሰጥ ሠራተኛ ሱቁን ያከስራል። ይህ በማስታወቂያው ላይ ሲጻፍ አመልካቹ ሥራው ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከመጀመሪያው ይረዳል፤ በቃለ መጠይቁም ላይ ጥያቄ ሆኖ ይቀርብለታል።

ሦስተኛው ስላይድ፦ እኔን ይመለከታል?

መሥፈርት የሚጻፍበት ስላይድ ብዙ ስሕተት የሚሠራበት ነው። የተለመደው ስሕተት ከሥራው ጋር የማይገናኝ መሥፈርት መጨመር ነው። ሂሳብ በስልክ ማስያ ለሚዘጋበት ሱቅ በማርኬቲንግ ዲግሪ መጠየቅ ሥራውን በደንብ የሚያውቁትን ሰዎች ያርቃል፤ ዲግሪ ኖሮት የሚቀጠረውም የተሻለ ቦታ እስኪያገኝ ብቻ ይቆያል። እያንዳንዱ መሥፈርት ከሁለተኛው ስላይድ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት። ሂሳብ መዝጋት ስላለ መደመርና መቀነስ የማያሳስተው ሰው ያስፈልጋል፤ በቴሌግራም መልስ መስጠት ስላለ አማርኛ በስልክ መጻፍ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ያያዘው ሥራ የሌለ መሥፈርት ይሠረዛል።

ቀጥሎ የግድ የሚያስፈልገው ተመራጭ ከሚያደርገው ይለያል። በምሳሌው ሱቅ የግድ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ መሆን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሥራት መቻል እና ዋስ ማቅረብ። በሱቅ የሠራ ሰው ተመራጭ ነው፤ ልምድ የሌለው ግን ከማመልከት አይከለከልም። ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ቢቀላቀሉ ልምድ የሌላት ነገር ግን ለሥራው የምትስማማ ወጣት ራሷን ከማስታወቂያው ታወጣለች።

ዋስ ወይም ተያዥ የሚባለው በሀገራችን የሱቅ ቅጥር የተለመደ ነው። ነገር ግን «ዋስ የሚያቀርብ» ብሎ ማለፍ ለአመልካቹ ከባድ ጥያቄ ይተዋል፤ ዋሱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት? ንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል? ደመወዙ ስንት ይሁን? ባለቤቷ የምትፈልገውን ለይታ ትጽፋለች፦ «ቋሚ ሥራ ያለው አንድ ዋስ፤ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚቀርብ»። ዋስ መቼ እንደሚቀርብ መገለጹ አመልካቹ ገና ሳይመረጥ ዘመድ ከማስቸገር ያድነዋል።

ሌላው ጉዳይ ጾታ፣ መልክና ዕድሜ ነው። «ጾታ፦ ሴት»፣ «መልከ መልካም» የሚሉ መስመሮች በሱቅ ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት ይታያሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። የልጆች ልብስ ለመሸጥ ደግሞ ሴት መሆን አያስፈልግም። እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ «ልምድ ያላት» ወይም «መሥራት የምትችል» ሲባል ጾታው ባይጻፍም ተነግሯል። «መሥራት የሚችሉ አመልካቾች» የሚለው የብዙ ቁጥር አነጋገር ሁለቱንም ጾታ ይይዛል፤ አክብሮትም አለው።

አራተኛው ስላይድ፦ ምን ያስገኛል?

«ደመወዝ በስምምነት» የሚለው መስመር ባለቤቱን ለድርድር የሚጠቅም ይመስላል። በተግባር ግን ሥራውን ለሁለት ወገን ያበዛዋል። አመልካቾች አንድ በአንድ እየጻፉ ደመወዙን ይጠይቃሉ፤ የሚጠብቁትና ሱቁ የሚችለው የማይገናኙ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ድረስ መጥተው ይለያያሉ። ቁጥሩን ቁርጥ አድርጎ መናገር የማይፈልግ ባለቤት ቢያንስ መነሻውንና ጣሪያውን መጻፍ ይችላል።

የምሳሌው ሱቅ በወር 8,000 ብር ለመክፈል ወስኗል። ቁጥሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ መገለጽ አለበት። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከ8,000 ብር ላይ ለጡረታ ብቻ 560 ብር ይቀነሳል፤ የሥራ ግብርም ከዚያ ሌላ አለ። 8,000 ብር በእጁ የሚገባ መስሎት የተቀጠረ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የተታለለ ይመስለዋል፤ ባለቤቷም ያልዋሸችውን እንደዋሸች ትቆጠራለች። «ያልተጣራ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ጠብ ያስቀራል።

የሥራ ሰዓቱም በዚሁ ስላይድ ይገባል። አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የምሳሌው ሱቅ በቀን 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ አንድ ሠራተኛ ሱቁ ሲከፈት ገብቶ ሲዘጋ ቢወጣ ሕጉ ይጣሳል። ባለቤቷ ያገኘችው መፍትሔ ጠዋት ራሷ ከፍታ ሠራተኛው ከ4:00 እስከ ምሽቱ 1:00 እንዲሠራ፣ ከዚያም አንድ ሰዓት ለምሳ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ይህ በቀን 8 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 48 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚሠራበት የበዓል ሰሞን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስከትላል።

ሰዓት ሲጻፍ የቀኑ ክፍል መለየት አለበት። «ከ4:00–1:00» ተብሎ የተጻፈን ምስል አንዱ በሀገራችን አቆጣጠር ጠዋት ብሎ ያነበዋል፤ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚጠቀም ሌላ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። «ከጠዋቱ 4:00 እስከ ምሽቱ 1:00» ሲባል ጥርጣሬ አይኖርም። ለቀጠሮ ሰዓትም ይኸው ሕግ ይሠራል።

የሙከራ ጊዜ ካለ እዚሁ ይነገራል። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። «ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ልምምድ» የሚል ማስታወቂያ ሕጉን አያከብርም፤ የሙከራ ሠራተኛም እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለዋል። ስላይዱ ሲጠቃለል እንዲህ ይነበባል፦

«ደመወዝ፦ 8,000 ብር፣ ያልተጣራ። ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4:00 እስከ ምሽቱ 1:00፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፤ እሁድ ዕረፍት። የሙከራ ጊዜ፦ 60 የሥራ ቀን፣ በጽሑፍ ውል።»

አምስተኛው ስላይድ፦ እንዴት ልመዝገብ?

ማመልከቻ የሚቀርብበት መንገድ አንድ ብቻ መሆን አለበት። «በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በኢሜይል ወይም በአካል» የሚል ሱቅ የአመልካቾቹን ስም በአራት ቦታ ይበትናል፤ ማን እንደተጠራና ማን እንዳልተጠራ ማወቅ ያቅተዋል። ስልክ ደግሞ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት እየጮኸ ሥራ ያስፈታል። የምሳሌው ሱቅ የመረጠው የቴሌግራም መልእክት ነው።

ቀጥሎ መልእክቱ ምን እንዲይዝ እንደሚፈለግ ይነገራል። ለሱቅ ሥራ ብዙ ሰው የተዘጋጀ ሲቪ የለውም፤ ያለውም ከጓደኛው የቀዳውን ይልካል። አራት ጥያቄ ይበልጣል፦ ሙሉ ስም፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ከዚህ በፊት የት ምን እንደሠሩ፣ መቼ መጀመር እንደሚችሉ። እነዚህን ጠይቆ የሚመጣው መልስ ሌላ ነገርም ያሳያል፤ መመሪያውን አንብቦ አራቱንም የመለሰ ሰው በሱቁም ውስጥ መመሪያ ሊከተል ይችላል።

የመታወቂያ ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃና የዋሱ ወረቀት በዚህ ደረጃ አይጠየቁም። ሰላሳ ሰው ቢያመለክት የሰላሳ ሰው መታወቂያ በአንድ ስልክ ላይ ይከማቻል፤ ስልኩ ቢጠፋ ደግሞ ሁሉም ይበተናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ የሚሰበስብ ወገን ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ ያስገድዳል። ማስረጃዎቹ ለቃለ መጠይቅ በተጠሩት አምስት ስድስት ሰዎች እጅ መጥተው ይታያሉ፤ ታይተውም ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ስላይዱ ስለ ሁለት ነገሮች ያረጋግጣል። አንደኛው «ምንም ዓይነት የመመዝገቢያ ክፍያ የለም» የሚለው ነው። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ሱቅ ማስታወቂያ ቀድተው ስልክ ቁጥሩን ብቻ በመቀየር «ለፎርም» እያሉ ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ይህ መስመር በምስሉ ላይ ከተጻፈ አመልካቹ ገንዘብ ሲጠየቅ ይጠራጠራል። ሁለተኛው ለተመረጡት ብቻ መልስ እንደሚሰጥና እስከ መቼ እንደሚጠራ ነው፦ «የተመረጡ አመልካቾች እስከ መስከረም 25 ይጠራሉ»። ይህ ባይጻፍ ያልተመረጡት በየቀኑ መጠየቃቸውን አያቆሙም።

ፊደሉና መድረኩ

በኢንስታግራም የተለመደው ቁመታዊ ምስል 1080 በ1350 ፒክስል ነው። የመጀመሪያው ስላይድ ቅርጽ ለሁሉም ስለሚሠራ አምስቱም በአንድ መጠን ካልተሠሩ ጠርዛቸው ይቆረጣል። የፊደል መጠን ከ48 ፒክስል ባያንስ ይመረጣል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ይህ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከላቲን ይልቅ የግዕዝ ፊደል መጠን ይፈልጋል፤ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሩ» እና «ሪ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ብቻ ነውና ሲያንሱ ይደባለቃሉ። የልጆች ልብስ ፎቶ ከጽሑፉ በስተኋላ ማድረግም ይህንኑ ችግር ያባብሳል፤ ፎቶ የሚያምረው በመጀመሪያው ስላይድ ላይ፣ ከጽሑፉ ተለይቶ ሲቀመጥ ነው።

ቴሌግራም ላይ አቀራረቡ ይለያል። እስከ 10 የሚሆኑ ምስሎች በአንድ ላይ ሲለጠፉ የሚታዩት ተራ በተራ ሳይሆን እንደ ሞዛይክ ተጋጥመው ነው፤ አንባቢው አንዱን ሲነካ ብቻ ይከፈታል። ፌስቡክም በተመሳሳይ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ በእነዚህ መድረኮች ላይ ስላይዶቹ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፦ «1/5»፣ «2/5» እየተባለ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ምስሎቹ በራሳቸው ጊዜ ወደሚቀጥለው ስለሚያልፉ ብዙ ጽሑፍ ያለበት ስላይድ ሳይነበብ ይሄዳል።

በየትኛውም መድረክ ከምስሎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ባዶ አይተውም። በምስል ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ስም በጣት ነክቶ መቅዳት አይቻልም፤ አመልካቹ እያየ ሲገለብጥ አንዲት አኃዝ ይስታል። ስለዚህ የሥራው ስም፣ አካባቢው፣ ደመወዙ፣ ቀኑና የማመልከቻው አድራሻ ከሥር በድጋሚ ይጻፋሉ። ምስሉን ማየት ለማይችል፣ ስልኩ ጽሑፍ እያነበበ ለሚያሰማው አመልካችም ማስታወቂያው የሚደርሰው በዚሁ ጽሑፍ ነው።

ከተለጠፈ በኋላ

ማስታወቂያው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በተወደደበት ብዛት ሳይሆን በሚመጡት ጥያቄዎች ነው። የምሳሌው ሱቅ ልጥፉን ባወጣ ማግሥት ከሃያ መልእክት አሥራ ሁለቱ «ልምድ የለኝም፣ ይቻላል?» የሚሉ ቢሆኑ ጉድለቱ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ነው፤ የግድና ተመራጭ የሚሉት በደንብ አልተለዩም ማለት ነው። «ቦታው የት ነው?» የሚለው ከበዛ የመጀመሪያው ስላይድ፣ «ስንት ይከፈላል?» ከበዛ አራተኛው ይታያል። አራቱን ጥያቄዎች ሳይመልሱ «ሥራ እፈልጋለሁ» ብቻ ብለው የጻፉ ከበዙ ደግሞ ሰዎቹ አምስተኛው ስላይድ ድረስ አልደረሱም፤ መመሪያው ከሥር ባለው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ጽሑፉ ሳይጠፋ ሊታረም ይችላል፤ ስላይድ ላይ ያለ ስሕተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጥፉን አንሥቶ በአዲስ መተካትን ይጠይቃል።

ሠራተኛው ውሉን ሲፈርም ማስታወቂያው ይዘጋል። ልጥፉን ዝም ብሎ ማጥፋት የተላለፉትን ቅጂዎች አያጠፋም፤ ምስሉን ሌላ ቦታ ያየ ሰው ወደ ሱቁ ገጽ ሲመጣ ምንም አያገኝም፣ ደጋግሞም ይጽፋል። ይልቁንም ልጥፉ እንዳለ ሆኖ የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር «ቦታው ተሞልቷል» ተብሎ ይታረማል፤ የአመልካቾቹ መልእክትም ከስልኩ ይሰረዛል።